«ጅብ ከሄደ» ብሎ የተረጎመው ማን ነው?

በትርጉም ጉዳይ ላይ ብዙ ጊዜ ዝም ብያለሁ። ቀኑን ሙሉ ባንክ ቤት መስኮት ሥር ተቀምጦ የሰው ገንዘብ ሲቆጥር የሚውል፣ ማታ ማታ ግጥም ቢጤ የሚሞነጫጭር ሰው በተርጓሚዎች ክርክር ምን አገባው? ዛሬ ግን አንድ ሕግ ልሟገት ተነስቻለሁ። ሕጉን በየግጥም ምሽቱ እንሰማዋለን፤ ሲነገርም ጭብጨባ አያጣም። «ተረትን በተረት ተርጉም» ይላል። እኔ ደግሞ ይህ ሕግ ከቻይንኛ ባለአራት ቃል አባባሎች ፊት ሲቆም ተርጓሚውን ገደል ይሰደዋል እላለሁ።

ነገሩ የጀመረው እዚሁ የካ አባዶ፣ ከእኛ ብሎክ ደረጃ ላይ ነው። ከበላያችን የሚኖር አንድ ወጣት አለ፤ ቻይንኛ ተምሮ በአንድ የመንገድ ሥራ ላይ አስተርጓሚ ሆኗል። ሰፈራችን ለቻይንኛ እንግዳ አይደለም። ከአያት የሚነሳውን ቀላል ባቡር የቻይና ተቋራጭ ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ ከጀመረም በፊት ጀምሮ፣ በዚህ አቅጣጫ በየሥራው ቦታ ቻይናዊ ኃላፊና አበሻ ፎርማን በአንድ ሰው አፍ ሲነጋገሩ ኖረዋል። ያ አንድ ሰው ማለት እንግዲህ የእኛ ጎረቤት ነው። አንድ ክረምት ማታ ጃንጥላውን ሳያራግፍ በራችንን አንኳኳ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ሰው አጣላሁ» አለኝ።

የጎርፍ መውረጃ ቦይ በጊዜው ባለመቆፈሩ ዝናቡ የተደለደለውን አፈር ጠርጎ ወስዶታል። ቻይናዊው ኃላፊ ቦዩን እንዲቆፍሩ ውል የተሰጣቸውን አበሻ ጠርቶ ተናገረ፤ በንግግሩም መካከል አራት ቃል ጣለ፦ «ዋንግ ያንግ ቡ ላው»። ልጁ የቃላቱን ትርጉም ያውቃል። መጥፋት፣ በግ፣ መጠገን፣ በረት። በጉ ከጠፋ በኋላ በረቱን መጠገን ማለት ነው ሲል አሰበና፣ ያንን የተጨበጨበለትን ሕግ አስታውሶ የእኛውን ተረት መዘዘ፦ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይልዎታል።»

የተቋራጩ ፊት ጠቆረ። «እኔን ነው ውሻ የሚለኝ?» ብለው ሄዱ፤ በማግስቱም ሠራተኛ አልላኩም።

አንባቢ ሆይ፣ ልጁ ሰነፍ ሆኖ እንዳይመስልህ። ሕጉን በትክክል ነው የፈጸመው። ችግሩ ሕጉ ያዘዘው ነገር የቻይናዊውን ሐሳብ ልክ እንደ ጓንቲ ገልብጦ ማውጣቱ ነው። «ዋንግ ያንግ ቡ ላው» የተባለለት ሰው «ረፈደብህ» አልተባለም። የተባለው «አልረፈደም» ነው!

ምንጩን እንይ። አባባሉ የሚገኘው «ጃንጉዎ ፀ» በተባለው፣ የተፋላሚ መንግሥታትን ዘመን ወሬና ምክር በሰበሰበው ጥንታዊ መጽሐፍ ውስጥ ነው። ጁዋንግ ሺን የሚባል መካሪ የቹን ንጉሥ፣ «ከእነዚህ ቀበጥ ባለሟሎችህ ጋር እንዲህ ከቀጠልህ አገር ታጣለህ» ብሎ አስጠነቀቀው። ንጉሡ አልሰማውም። መካሪው ወደ ጃዎ ግዛት ሄዶ አምስት ወር ተቀመጠ፤ በዚያ መካከል የቺን ጦር የቹን ዋና ከተማ ይንግን ያዘ። ይህ የሆነው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ278 ዓመት ነው። ንጉሡ ሸሽቶ፣ አንገቱን ደፍቶ መካሪውን አስጠራው። ጁዋንግ ሺን በመጣ ጊዜ፣ በግ ጠፍቶ እንኳ በረትን መጠገን መዘግየት አይደለም ብሎ ነገረው። የቀረው አገር እኮ አሁንም ሰፊ ነው ማለቱ ነበር።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ከረጅሙ ንግግር ዛሬ በሰው አፍ የቀሩት አራት ቃላት ናቸው፤ «መዘግየት አይደለም» የሚለው ከእነርሱ ውስጥ የለም። ተቆርጦ ቀርቷል። ቻይናዊ ሁሉ ግን ይሰማዋል፤ እኛ አንድን ተረት ጀምረን ግማሹን ብንተወው ሰሚያችን በልቡ እንደሚጨርሰው ማለት ነው። ስለዚህ አራቱን ቃል ብቻ የሚተረጉም ሰው ዋናውን ነገር አልነካውም። በእንግሊዝኛ በኩል ዞሮ የሚመጣ ደግሞ የባሰ ይስታል። እንግሊዞችም ፈረሱ ካመለጠ በኋላ ጋጣውን ስለሚዘጋ ሰው የሚሉት አላቸው፤ የእነርሱ ግን ልክ እንደ እኛ ውሻ ፌዝ ነው። በግና በረት፣ ፈረስና ጋጣ፣ ጅብና ውሻ በመልክ ወንድማማቾች ናቸው። ልባቸው ሌላ ነው።

የሕጉ ጠበቆች «ታዲያ ቃል በቃል ይተርጎም ልትል ነው?» ይሉኛል። አይደለም። በዚያ ማታ ልጁ በደብተሩ ጀርባ ላይ ሌሎች ሙከራዎቹን አሳየኝ። አንደኛው «በግ ከጠፋ በኋላ በረት መጠገን» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «ከበጎች መጥፋት በኋላ የበረት ጥገና ሥራን ማከናወን»። ይህንን ሁለተኛውን ሳነብ መሥሪያ ቤቴ የገባሁ መሰለኝ። እኛ ባንክ ቤት ማንም ሰው ምንም አይከፍልም፤ ሁሉም «ክፍያ ይፈጽማል»፣ ቀጥሎም «የፈጸመውን ክፍያ የማረጋገጥ ተግባር ያከናውናል»። ቻይናዊው ኃላፊ አባባሉን የጣለው እንደ ዕለት ወሬ ነው። ቃላቱ ጥንታዊ ቢሆኑም የተናጋሪው አፍ ጥንታዊ አልሆነም። ደብዳቤ የሚያስመስል አማርኛ ያለበሰው ተርጓሚ ሰውየውን ያላለበሰውን ካባ አልብሶታል።

የመጀመሪያው ሙከራ ግን የሚያስተምር ስሕተት አለው። ባለአራት ቃሉ አባባል ብዙውን ጊዜ ሁለት ሁለት ሆኖ ይቆማል፤ መጥፋት-በግ፣ መጠገን-በረት። ማን እንደጠገነ አይልም፤ መቼ አይልም፤ ሁለቱን ወገን የሚያያይዝ ቃልም የለውም። አማርኛ ይህን አይፈቅድም። ግሳችን ማንና መቼ የሚለውን ሳይዝ አይወጣም፤ ሁለት ነገር ጎን ለጎን ስናስቀምጥም «ከ…በኋላ» ወይም «ስለ» ወይም «ቢ…ም» ማለት ይኖርብናል። መምረጥ ግድ ነው። ልጁ «ከጠፋ በኋላ»ን መረጠ፤ እኛ ደግሞ «ከሄደ በኋላ»፣ «ካለፈ በኋላ» ሲባል ጆሯችን ገና ሳይጨርሱት «ምን ዋጋ አለው» ብሎ ይሞላዋል። ያችን አንዲት ማያያዣ ለውጡና ስሙት፦ «በግ ቢጠፋም በረት ይጠገናል።» በጉ ያው በግ ነው፤ በረቱም ያው በረት። «ቢ…ም» ግን ከቻይንኛው የተቆረጠውን ጅራት መልሳ ቀጠለችው። እኔ እስከዚያ ማታ ድረስ ተስፋ በአንዲት ምዕላድ ላይ ሊንጠለጠል እንደሚችል በግጥምም አላየሁትም ነበር።

ይሁንና ይህንንም ለጎርፉ ጉዳይ አልሰጠሁትም። ልብ ወለድ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ቢናገረው ያምራል። በጭቃ መሐል ቆሞ ሠራተኛ ለሚፈልግ ኃላፊ ግን በግ ምን ያደርግለታል? ቻይናዊው ራሱ አባባሉን ሲናገር በግ አላየም፤ እኛ «እጅ ሰጠ» ስንል እጅ እንደማናየው ሁሉ። ምስሉ በአፍ ብዛት አልቋል። ያለቀ ምስል ያለቀ ቃል ይበቃዋል፤ ገጣሚ ምስሉን እንደገና ሕያው ባደረገበት ቦታ ግን በጉ ከነጸጉሩ መምጣት አለበት። ስለዚህ እንዲህ አልነው፦ «የሄደው ሄዷል፤ የቀረውን ለማዳን ግን አሁንም ጊዜ አለን።» ጥፋቱ ታምኗል፤ ጥገናው አለ፤ አለመርፈዱም አለ። ውሻ የለም።

«ታዲያ ውበቱስ?» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ቃል በቃል መጥቶ ያማረ እንዳለ አልክድም። ማኦ እ.ኤ.አ. በ1946 ለአንዲት አሜሪካዊት ጋዜጠኛ የተናገረው «የወረቀት ነብር» አማርኛችን ውስጥ ገብቶ ቤተኛ ሆኗል። የገባው ግን ተረት ስለሌለው ነው። ወረቀትና ነብርን የሚያውቅ ሁሉ ያለ አስረጂ ይገባዋል። በአንጻሩ «ጃው ሳን ሙ ስ»ን፣ «ጠዋት ሦስት ማታ አራት»ን ውሰዱ። በጁዋንግዚ መጽሐፍ ውስጥ ዝንጀሮ አሳዳጊው ጠዋት ሦስት ማታ አራት ፍሬ እሰጣችኋለሁ ሲል ዝንጀሮዎቹ ተቆጡ፤ ጠዋት አራት ማታ ሦስት ሲል ደስ አላቸው። ይህንን ተረት በግርጌ ማስታወሻ የሚተርክ ትጉህ ተርጓሚ አንባቢውን ያሳስተዋል፤ ዛሬ አባባሉ የሚነገረው በአብዛኛው ሐሳቡን ለሚለዋውጥ ሰው ነውና። «ዛሬ ያለውን ነገ አይደግመውም» ብሎ ማለፍ ይሻላል። ዝንጀሮዎቹ ይረፉ።

ፍትሐዊ ልሁን፤ ተረት በተረት የሚሰምርበትም ጊዜ አለ። ቻይናውያን «በአንድ ቀስት ሁለት ንስር» ሲሉ እኛ «በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ» ብንል ማንም አይጎዳም፤ ምስጋናውም ያው ነው፣ የሚመሰገነውም ያው። እኔ የምጠይቀው ይህን ብቻ ነው፦ ተረቱን ከመምዘዛችን በፊት ማን እንደሚሰደብበት እንይ። በ«ጅብ ከሄደ» ውሻው ሰሚው ነው። በ«ዋንግ ያንግ ቡ ላው» ግን የሚሰደብ የለም።

ለልጁ አንድ መፈተኛ ሰጠሁት። ቻይንኛውን ሸፍነህ አማርኛህን ለእናትህ አንብብላቸው፤ «ገባዎት?» አትበላቸው፣ ሁሉም ሰው ለልጁ ገብቶኛል ይላልና። «ምን አድርጊ አልኩሽ?» በላቸው። «በግ ከጠፋ በኋላ»ን አነበበላቸው፤ «ተይው፣ አትድከሚ አልከኝ» አሉት። አዲሱን አነበበላቸው። «ተነሺና የተረፈውን ሰብስቢ» አሉ።

ሰኞ ተቋራጩ ዘንድ ሄዶ ያችን ዓረፍተ ነገር ደገመላቸው። ሰውየው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና ቦዩን አሻግረው እያዩ፣ «ስንት ገልባጭ ድንጋይ ይፈልጋል?» አሉ።