ቅጂ ሁሉ መጠባበቂያ አይደለም

የመረጃ ቋትን ከአደጋ ይጠብቃሉ ተብለው ሦስት መንገዶች በአንድነት ይጠራሉ፤ የሚመክቱት አደጋ ግን ለየቅል ነው። የንባብ ቅጂ በዋነኛነት የተጠቃሚዎችን ጫና ይጋራል፤ ከዋናው ቋት ወደ ኋላ ሊቀር ስለሚችልም በምትኩ ቢቆም የመጨረሻዎቹ ለውጦች ሊጎድሉ ይችላሉ። በሌላ ዞን የተቀመጠ ተጠባባቂ እያንዳንዱን ለውጥ ከዋናው ጋር እኩል ስለሚመዘግብ፣ አንዱ የመረጃ ማዕከል ቢወድቅ ሥራው በደቂቃዎች ውስጥ ይቀጥላል። ነገር ግን ሰው በስሕተት ሠንጠረዥ ቢሰርዝ ተጠባባቂውም ስረዛውን በታማኝነት ይፈጽማል። ወደ ትናንት የሚመልሰው መጠባበቂያ ቅጂ ብቻ ነው።

እርሱም ቢሆን ካልተፈተነ አይታመንም። እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 አንድ የጊትላብ ባለሙያ ወደ ኋላ የቀረውን ተጠባባቂ እንደ አዲስ ለመገንባት አሮጌውን መረጃ ሲያጠፋ፣ ትእዛዙን የሰጠው በዋናው አገልጋይ ላይ ኖሯል። ወዲያው ቢያቆመውም ከ300 ጊጋባይት ገደማ የተረፈው 4.5 ያህል ነበር። ዕለታዊው መጠባበቂያ ሲፈለግ የማከማቻው ስፍራ ባዶ ሆኖ ተገኘ፤ የ`pg_dump` 9.2 እትም የ9.6ን ቋት መቅዳት ስለማይችል ሥራው ሲከሽፍ ቆይቷል። ክሽፈቱን የሚያሳውቁት ኢሜይሎችም ሳይደርሱ ቀርተዋል። ኩባንያው የተረፈው ለሌላ ሥራ ሲባል ከስድስት ሰዓት ገደማ በፊት በእጅ በተወሰደ ቅጽበታዊ ቅጂ ነው፤ በዕድል ማለት ይቻላል።

በጀቱ ጠባብ የሆነ ተቋም እንግዲህ ተጠባባቂ ከመከራየቱ አስቀድሞ መጠባበቂያውን በየሳምንቱ በባዶ አገልጋይ ላይ መልሶ፣ የመጨረሻው መዝገብ የስንት ሰዓት እንደሆነ ሊያይ ይገባል።