የሪፈረንስ ስልክ ቁጥር ሲቪ ላይ ይጻፍ ወይስ ይቆይ?

ባለፈው ወር ለቤተሰብ ጉዳይ ወደ እንጅባራ ሄጄ ነበር። እሁድ ከሰዓት ከአክስቴ ልጅ ጋር ዘንገና ሐይቅ ዳር ተቀምጠን ስንጫወት ከቦርሳዋ ሲቪዋን አውጥታ "እስቲ እይልኝ" አለችኝ። በአንድ የግል ድርጅት ሁለት ዓመት በሒሳብ ሠራተኝነት ሠርታለች፤ አሁን ባሕር ዳር ለወጣ ክፍት የሥራ ቦታ ልታመለክት ነው።

በሲቪዋ መጨረሻ ላይ፣ ኮፒ ቤቶች በሚጠቀሙበት ቅጽ እንደተለመደው፣ የሦስት ሰዎች ስም፣ ኃላፊነትና ስልክ ተደርድሯል፦ የዩኒቨርሲቲ መምህሯ፣ የአሁኗ አለቃዋ እና አጎታችን። "ስማቸው እዚህ እንዳለ ያውቃሉ?" ስላት ሳቀች። የሚያውቀው አጎታችን ብቻ ነበር።

እኔ ግን አልሳቅኩም። የመጀመሪያ ሥራዬ ላይ እያለሁ የአለቃዬን ስልክ የያዘ ሲቪ በየቦታው በትኜ ነበር። አንዱ ድርጅት እኔን ለቃለ መጠይቅ ሳይጠራ ለእሱ ደወለ። አለቃዬ ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ ግን በዚያው ወር ለሥልጠና ከተመረጡት መካከል ስሜ አልነበረም። ያመለከትኩበትንም ሥራ አላገኘሁም።

እስቲ የቅጥሩን ቅደም ተከተል አስቡት። መጀመሪያ የአመልካቾች ወረቀት ይጣራል፤ እዚህ ላይ የሚታየው የትምህርት ዝግጅትና የሥራ ልምድ ነው። ቀጥሎ ፈተናና ቃለ መጠይቅ ይመጣል። ለሪፈረንስ የሚደወለው ብዙውን ጊዜ ሰው ከተመረጠ በኋላ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ በመጀመሪያው ቀን ለእናንተ የሚሠራው ሥራ የለም። ጉዳቱ ግን ከመጀመሪያው ቀን ይጀምራል፤ ወረቀቱ የሰዎቹን ስልክ ይዞ በማታውቁት እጅ ይዞራል፤ እነሱም ሳይዘጋጁ ይደወልላቸዋል። ምን እንደሚጠየቁ ያላወቁ ሰዎች "አዎ፣ አውቃታለሁ፣ ጥሩ ልጅ ናት" ብለው ይዘጋሉ። ይህ ደግሞ ለቀጣሪው ምንም አይነግረውም።

እናም ሦስቱን ስሞች ከሲቪው አውጥተን በሌላ ወረቀት ላይ ጻፍናቸው። "ሲጠየቅ ይቀርባል" የሚል መስመርም አላስገባንም፤ ሲጠየቅ እንደሚቀርብ ቀጣሪው ያውቀዋል። ከዚያ ስሞቹን አንድ በአንድ አየናቸው። አጎታችን ወጣ፤ ዘመድ ስለ ሥራ ጠባይ ቢመሰክር ማንም አይቀበለውም። የመምህሯን ስልክ ስንሞክረው አይሠራም፤ አዲሱን እንድታፈላልግ ተስማማን። አለቃዋን በተመለከተ፣ ቅጥሩ እርግጥ እስኪሆን እንዳይደወልላት ቀጣሪውን መጠየቅ ነውር የለውም። በእሷ ምትክ አብራት ሠርታ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት የተዛወረች የቀድሞ ኃላፊዋ ተገኘች። ደውላ ፈቃዷን ጠየቀቻት፤ ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ ነገረቻት፤ የዓመቱን ሒሳብ አብረው የዘጉበትን ጊዜም አስታወሰቻት። አሁን የምትናገረው ተጨባጭ ነገር አላት።

ይህ በሁሉም ቦታ ይሠራል ማለት ግን አይደለም። ማስታወቂያው ወይም የማመልከቻ ቅጹ "ሦስት ሪፈረንስ ጥቀሱ" ካለ ጻፉ፤ በተለይ የግብረ ሰናይ ድርጅቶች ቅጾች ይህን ይጠይቃሉ። ቦታውን ባዶ መተው ከማጣሪያው ሊያስወጣችሁ ይችላል። በዚያን ጊዜ ሰዎቹን የምታናግሩት ቅጹን ከመላካችሁ በፊት ነው።

"ስም ካልጻፍኩ መሥራቴን በምን ያምናሉ?" ብላ ጠይቃኝ ነበር። መልሱ የሥራ ልምድ ማስረጃ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ሁሉ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ በነፃ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ሥራ እስክትለቁ መጠበቅ አያስፈልግም።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው ሪፈረንስ ሁን ሲሉት የሚያንገራግረው ዋስ የሆነ ስለሚመስለው ነው። ዋስ ግን ሌላ ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ዋስትና በግልጽ እንዲሰጥና ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን በውሉ እንዲጠቀስ ይጠይቃል። ሪፈረንስ የሚሰጠው ምስክርነት ብቻ ነው። ይህን ስታስረዷቸው ብዙዎቹ እሺ ይላሉ።

የአክስቴ ልጅ ሲቪዋን አስተካክላ አስገብታለች። የስሞቹ ወረቀት ግን እስኪጠየቅ ድረስ ቦርሳዋ ውስጥ ነው።