ሰማንያ በመቶ ስንት ሰዓት ይሆናል?

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በአውቶቡስ ተነሡ እንበል። 11 ሰዓት ላይ ሲደርሱ ወንድምዎ ይቀበልዎታል፤ የምትገናኙትም በስልክ ተጠራርታችሁ ነው። ሲነሡ የስልክዎ ባትሪ 80 በመቶ ያሳያል። ይበቃዎታልን?

80 በመቶ የመጠን እንጂ የጊዜ ልክ አይደለም። ወደ ጊዜ የሚለወጠው ባትሪው በምን ፍጥነት እንደሚወርድ ሲታወቅ ነው። ስለዚህ ሰዓትዎን ይዘው ሁለት ጊዜ ይመልከቱ። በ3 ሰዓት ተኩል 68 ሆኖ ቢያገኙት፥ በ90 ደቂቃ 12 ወርዷል ማለት ነው። 90ን ለ12 ቢያካፍሉ እያንዳንዱ በመቶ 7 ደቂቃ ተኩል ያቆያል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ 68ን በ7 ተኩል አባዝቶ፥ «እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ይቆይልኛል» ብሎ ልቡን ያሳርፋል። እርስዎ ግን አስቀድመው 10 በመቶ ይቀንሱ፤ ያረጀ ባትሪ ዜሮ ሳይደርስ በድንገት ሊጠፋ ይችላልና። የቀረው 58 በ7 ተኩል ሲባዛ 435 ደቂቃ፥ ይኸውም 7 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ይሆናል። እንግዲህ የሚያደርስዎ እስከ 10 ሰዓት ከ45 ነው። ለሩብ ሰዓት ጎደለ!

ሲለኩ ግን አይቸኩሉ። 10 ደቂቃ ብቻ ቆይተው 80ው 78 ሆኖ ቢያዩት፥ ስልኩ ክፍልፋዩን ስለማያሳይ እውነተኛው ቅናሽ ከ1 በጥቂቱ የበለጠ፥ ወይም ከ3 በጥቂቱ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ከዚህ የሚወጣው ግምት አንዱ የሌላውን ሦስት እጥፍ ሊያህል ነው። ቅናሹ 10 ያህል እስኪሞላ ቢታገሡ ግን ስሕተቱ ጥቂት ይሆናል።

ደግሞም ስሌቱ የሚጸናው ፍጆታው አንድ ዓይነት ሆኖ ሲቀጥል ብቻ ነው። ደብረ ሲናን አልፈው በ5 ሰዓት ተኩል ቢመለከቱ፥ ባትሪው 52 መሆን ሲገባው 46 ብቻ ቢሆንስ? በሁለት ሰዓት 22 ወርዷል፤ ለአንድ ሰዓት 11 መሆኑ ነው። ምናልባት ተራራው ሲግናሉን ጋርዶት ይሆናል። ስልክ ኔትዎርክ ሲርቀው ድምፁ እንዳልተሰማለት ሰው አብዝቶ ይጮኻል፤ በኪስ ተቀምጦም ብዙ ኃይል ይፈጃል። 10ሩን አስቀርተው 36ን ለ11 ቢያካፍሉ፥ 9 ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል።

አሁን ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ ያድርጉትና ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደገና ይለኩ። 2 ብቻ ወርዶ 44 ቢያገኙት፥ እስከ 11 ሰዓት በቀረው 4 ሰዓት ተኩል 9 ይወርዳል፤ 35 ይዘው ደሴ ይገባሉ። ሲደርሱ ሞዱን ማጥፋት አይርሱ፤ አለዚያ ወንድምዎ ቢደውል አያገኝዎትም።