በሃያ ሳንቲም የሚገለበጠው «የገንዘብ ፍሰት»

ስለ ትሬዲንግ በሚያስተምሩ ሰዎች ዘንድ አንድ አባባል ተለምዷል፦ «ኤምኤፍአይ ቮልዩም የተጨመረበት አርኤስአይ ነው፤ ስለዚህ ይበልጣል።» አባባሉ ለማስታወስ ይቀላል፤ ነገር ግን አሳሳች ነው። ኤምኤፍአይ በአርኤስአይ ላይ አንድ ነገር ሲጨምር ሌላ ነገር ይጥላል። የሚጥለውን ሳያውቁ መስመሩን ተከትሎ ገንዘብ ማስገባት ዋጋ ያስከፍላል።

አርኤስአይን በ1978 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ዌልስ ዋይልደር ነው። የሚለካው የዋጋን ለውጥ ብቻ ነው። ባለፉት 14 ቀናት ዋጋ በወጣባቸው ቀናት ስንት ወጣ? በወረደባቸውስ ስንት ወረደ? ሁለቱን አነጻጽሮ ከ0 እስከ 100 ባለው ሚዛን ላይ ያስቀምጣል። አምስት ብር የወጣበት ቀን አንድ ብር ከወጣበት አምስት እጥፍ ይመዝናል።

የኤምኤፍአይ አሠራር ሌላ ነው። የቀኑን ከፍተኛ፣ ዝቅተኛና መዝጊያ ዋጋ ደምሮ ለሦስት ያካፍላል። የተገኘውን አማካይ በዕለቱ በተሸጠው መጠን ያባዛል። አማካዩ ከትናንቱ ከበለጠ የቀኑ ገንዘብ በሙሉ «የገባ» ተብሎ ይመዘገባል፤ ካነሰ ደግሞ በሙሉ «የወጣ» ይባላል። ዋጋው በምን ያህል እንደተለወጠ ግን አይጠይቅም። የሚጠይቀው አቅጣጫውን ብቻ ነው።

ይህ ምን እንደሚያስከትል በቁጥር እንየው። ዋጋው 100 ብር አካባቢ የሆነ አክሲዮን አለ እንበል። በ14 ቀናት ውስጥ ሰባት ጊዜ አንድ አንድ ብር ወጣ፤ ሰባት ጊዜም አንድ አንድ ብር ወረደ። በየቀኑ 1,000 አክሲዮን ተሸጠ። ሁለቱም መለኪያዎች 50 አካባቢ ይሆናሉ።

አሁን ከወጣባቸው ቀናት አንዱን ብቻ እንቀይር። በዚያ ቀን 8,000 አክሲዮን ተሸጠ፤ ዋጋው ግን የጨመረው 10 ሳንቲም ብቻ ነው። በቀላል አማካይ ሲሰላ አርኤስአይ ወደ 47 ዝቅ ይላል። ኤምኤፍአይ ግን 14,000 ለ7,000 ቆጥሮ ወደ 67 ይዘላል። ያው ቀን 10 ሳንቲም በመጨመር ፈንታ 10 ሳንቲም ቢቀንስስ? አርኤስአይ 46 ላይ ይሆናል፤ ለውጡ ከቁጥር አይገባም። ኤምኤፍአይ ግን ወደ 29 ይወድቃል። የሃያ ሳንቲም ልዩነት «ገንዘብ እየገባ ነው» የሚለውን «ገንዘብ እየሸሸ ነው» ወደሚል ገለበጠው።

ሁለተኛው ችግር የሚመጣው ቆይቶ ነው። ኤምኤፍአይ የመጨረሻዎቹን 14 ቀናት በእኩል ደምሮ የቆየውን በአንዴ ይጥላል። ያ የ8,000 ቀን ከመስኮቱ ሲወጣና በቦታው ተራ የጭማሪ ቀን ሲተካ፣ መስመሩ ከ67 ወደ 50 ይወርዳል። በገበያው ውስጥ ያን ቀን የተፈጠረ ነገር የለም፤ የወረደው ከሁለት ሳምንት በላይ የሆነው ቀን ስለተረሳ ነው። የዋይልደር አርኤስአይ የድሮውን ቀን ቀስ በቀስ ስለሚያደበዝዝ እንዲህ ዓይነት ድንገተኛ ዝላይ አይበዛበትም። ስለዚህ ኤምኤፍአይ በድንገት ሲታጠፍ ከዛሬው ሻማ በፊት ከ14 ሻማ በፊት የነበረውን የቮልዩም ዘንግ ማየት ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ጉዳይ ፎሬክስ የሚነግዱ ወጣቶችን በቀጥታ ይነካል። በአክሲዮን ገበያ ቮልዩሙን የሚመዘግበው ግብይቱ የሚፈጸምበት ገበያ ነው። የስፖት ፎሬክስ ግን አንድ ማዕከላዊ ገበያ የለውም። በሜታትሬደር ላይ ለገንዘብ ጥንዶች የሚታየው ቮልዩም ብዙውን ጊዜ የቲክ ቆጠራ ነው፤ ማለትም በዚያ ብሮከር ላይ ዋጋው ስንት ጊዜ እንደተለዋወጠ። አንድ ለውጥ የሺህ ዶላርም ሆነ የመቶ ሚሊዮን ዶላር ግብይት ቢያስከትለው አንድ ተብሎ ይቆጠራል። ከዚህ የሚወጣው መስመር የጥድፊያ መለኪያ ሊሆን ይችላል፤ የገንዘብ ፍሰት ብሎ መጥራት ግን ስህተት ነው። የ«ትልልቆቹን ተቋማት እንቅስቃሴ» ያሳያል ብሎ ሲግናል መሸጥ ደግሞ ከስህተትም ያለፈ ነው። በሜታትሬደር ዝርዝር ውስጥ Market Facilitation Index የሚባል ሌላ መለኪያ እንዳለም ልብ ይሏል፤ አህጽሮቱ ቢመሳሰልም ከ Money Flow Index ጋር ዝምድና የለውም።

ይህ ማለት ኤምኤፍአይ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ብዙ ሰው በሚገበያይበትና ቮልዩሙ በትክክል በሚመዘገብበት አክሲዮን ላይ፣ ዋጋው አዲስ ከፍታ ሲይዝ ኤምኤፍአይ ከቀድሞ ከፍታው በታች ከቀረ፣ ጭማሪው በአነስተኛ ግብይት እንደተደገፈ ሊጠቁም ይችላል። አርኤስአይ ይህን ማየት አይችልም። በአንጻሩ በቀን ጥቂት ግብይት ብቻ በሚካሄድበት አክሲዮን ላይ የአንድ ባለሀብት ትልቅ ሽያጭ መስመሩን ለ14 ቀናት ይዞት ይቆያል። ገና በ2017 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በእነዚህ መስመሮች ለማንበብ የሚጣደፉ ሰዎች ይህን ቀድመው ማሰብ አለባቸው።

በመጨረሻም ስሙ ራሱ ያታልላል። አንዱ ሲገዛ ሌላው ይሸጣል፤ በእያንዳንዱ ግብይት የገባውና የወጣው ገንዘብ እኩል ነው። ኤምኤፍአይ የሚያሳየው ግብይቱ የበዛው ዋጋ ሲወጣ ነው ወይስ ሲወርድ የሚለውን ነው። ከዚያ በላይ ያሳያል የሚል ሰው ቮልዩሙን ከየት እንዳመጣው ይጠየቅ።