ከግሩፑ ራስ ላይ የምትሰካው መልእክት

ለድግስ ተብሎ ፒን የሚደረግ መልእክት ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ አለበት፤ ዝግጅቱ መቼ ነው፣ የት ነው፣ የማን ድርሻ ምንድን ነው። ከእነዚህ ውጭ ያለው ምስጋና፣ ምርቃትና የእንኳን ደስ አላችሁ ቃል ቦታው የግሩፑ ወሬ ውስጥ ነው። ፒን የሚደረግ መልእክት የሚጻፈው ውይይቱን ከመጀመሪያው ለተከታተለ ሰው አይደለም። ሥራ ውሎ ማታ ስልኩን ሲከፍት ሁለት መቶ መልእክት ተከምሮ ለሚያገኘው፣ እሱም ወደ ላይ ሳይወጣ የራሱን መስመር ለሚፈልገው ሰው ነው።

በሐረር ይህ ጉዳይ በየሳምንቱ ይነሣል። ሠርግና ለቅሶ በአፎቻ ወይም በእድር የሚሠራ የጋራ ሥራ ነው፤ አፎቻም የወንዶችና የሴቶች ተብሎ ለየብቻው ስለሚደራጅ፣ አንድ ድግስ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ግሩፕ ውስጥ ይነገራል። ከኤረር በር ወደ ጁገል ውስጥ በሚገኝ አንድ ግቢ የሚደረግ የእሑድ ሠርግ ለምሳሌ ቢወሰድ፣ መልእክቱ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

ሠርግ፦ እሑድ ጥር 3፣ ቀን 6 ሰዓት፣ ኤረር በር ውስጥ
የታደሰው፦ ሐሙስ ታኅሣሥ 30 ማታ

መቼ
ሥራ ያለው ሰው፦ እሑድ ጠዋት 1 ሰዓት (በስልክ 7:00)
እንግዳ፦ እሑድ ቀን 6 ሰዓት (በስልክ 12:00)

የት
ከኤረር በር ወደ ውስጥ፣ በግራ እጅ ሁለተኛው ቅያስ፣ አረንጓዴው የብረት በር
መኪና፦ ከበሩ ውጭ ይቆማል
መንገድ የጠፋበት፦ (ስምና ስልክ)

ማን ምን
ድንኳንና 60 ወንበር፦ (ስም)፣ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ 10 ሰዓት
ውሃ፣ 10 ጀሪካን፦ (ስም)፣ ቅዳሜ ማታ 12 ሰዓት
እሳት ማንደድ፦ (ስም)፣ ለእሑድ አጥቢያ ሌሊት 10 ሰዓት
ስልክ ለሌላቸው መንገር፦ (ስም)፣ እስከ ዓርብ ማታ

የመጀመሪያው መስመር ከሁሉም በላይ ይመዝናል። ቴሌግራምም ሆነ ዋትስአፕ ከግሩፑ ራስ ላይ የሚያሳዩት የመልእክቱን መጀመሪያ ብቻ ነው። መልእክቱ «ውድ የሠፈራችን ነዋሪዎች፣ እንደምን ሰነበታችሁ» ብሎ ከጀመረ፣ በዚያ ጠባብ ቦታ የሚነበበው ሰላምታው ይሆናል፤ ቀኑና ሰዓቱ መልእክቱ ካልተከፈተ አይታዩም። ከላይ እንዳለው ከተጻፈ ግን መልእክቱን ጨርሶ ያልከፈተ ሰው እንኳ ቀኑን፣ ሰዓቱንና በሩን አውቆ ያልፋል።

በጊዜ ላይ ሁለት ስሕተቶች ይደጋገማሉ። አንደኛው የሰዓት አቆጣጠር ነው። «8 ሰዓት» ሲባል አንዱ ከቀትር በኋላ ያለውን ይረዳል፤ ከውጭ የመጣ ዘመድ ወይም ስልኩን ብቻ የሚያይ ወጣት ደግሞ የጠዋቱን 2 ሰዓት። ስለዚህ ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ ወይም ሌሊት የሚለው ቃል ከቁጥሩ መለየት የለበትም፤ በስልክ የሚነበበውም ሰዓት በቅንፍ ቢከተል ጥርጣሬ አይኖርም። ባሕር ማዶ ያሉ ዘመዶች በግሩፑ ውስጥ ካሉ ቀኑም በሁለቱም አቆጣጠር፣ «ጥር 3 (ጃንዋሪ 11)» ተብሎ ይጻፋል።

ሁለተኛው የሌሊት ነገር ነው። «የቅዳሜ ሌሊት» የሚለው አነጋገር በሐረር ለሁለት ይከፈላል፤ ቀን የሚገባው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው ብሎ ለሚቆጥር ዓርብ ማታ የሚጀምረው ሌሊት ነው፣ ለሌላው ደግሞ ቅዳሜ መሽቶ የሚመጣው። እሳት የሚያነድደው ሰው በአንድ ቀን ከተሳሳተ ምሳ አይደርስም። «ለእሑድ አጥቢያ» የሚለው ቃል ይህን ይዘጋል፤ ከእሑድ ንጋት በፊት ያለው ሌሊት ብቻ ነውና። «ነገ» እና «ከነገ ወዲያ» ደግሞ ፒን በተደረገ መልእክት ውስጥ ፈጽሞ መግባት የለባቸውም። ሐሙስ የተጻፈ «ነገ» ዓርብ ሲነበብ ቅዳሜ ይሆናል።

የቦታው መስመር በኤረር በር የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ኤረር በር» ማለት ከጥንታዊዎቹ አምስት የጁገል በሮች በምሥራቅ በኩል ያለው በር ራሱ ሊሆን ይችላል፤ ከበሩ ውጭ ያለው ገበያም፣ ዙሪያው ያለው ሠፈርም በዚሁ ስም ይጠራል። ስለዚህ «ውስጥ» ወይም «ውጭ» የምትለው አንዲት ቃል የግድ ናት። ቀጥሎ መኪና የት እንደሚቆም ይነገራል፤ አብዛኛው የጁገል መንገድ ለመኪና ጠባብ ስለሆነ፣ ድንኳንና ወንበር የጫነ መኪና ማራገፊያውን አስቀድሞ ማወቅ አለበት፤ ገበያው ከደራ በኋላ ደግሞ በበሩ አጠገብ ቆሞ ማራገፍ ይከብዳል። ከስልክ የሚላክ የካርታ ምልክት ይረዳል፤ ግን በግንብ በተከበበ ቅያስ ውስጥ ወደ ጎረቤት ግቢ ሊወስድ ስለሚችል፣ በዓይን የሚታይ ምልክትና መንገድ የሚያሳይ ሰው ስልክ ከጎኑ ሊኖር ይገባል።

በሥራ ድርሻ ላይ ደንቡ አጭር ነው፤ በአንድ መስመር አንድ ሥራ፣ አንድ ስም፣ መጠኑና የሚደርስበት ሰዓት። «ውሃ ወጣቶቹ ያምጡ» ተብሎ ከተጻፈ እያንዳንዱ ወጣት ሌላው ያመጣል ብሎ ይተኛል። ረዳቶች ቢኖሩም ተጠያቂው አንድ ሰው ነው፤ ረዳቶቹን የሚጠራው እሱ ነው። ስሙም ሰውየው እሺ ሳይል መጻፍ የለበትም፤ ያልተስማማበትን ሥራ ፒን ላይ ያነበበ ሰው ቅር ይለዋል፣ ሥራውም ባለቤት ያጣል። ድርሻ ያልተያዘለት ሥራ ካለ «ሰው ይፈለጋል» ተብሎ በግልጽ ይቀመጥ፤ ክፍት መሆኑ ካልታየ ማንም አይሞላውም። ሥራ ያለው ሰው የሚመጣበት ሰዓት ከእንግዳው ሰዓት ተለይቶ መጻፉም ለዚሁ ነው፤ አንድ ሰዓት ብቻ ከተጻፈ ወጥ የምትሠራዋ ከሚበላው ጋር እኩል ትደርሳለች።

ለውጥ ሲመጣ ነገሩ የሚበላሸው መልእክቱ ሁለት ሲሆን ነው። በቴሌግራም የላከው አስተዳዳሪ ያንኑ መልእክት ማረም ይችላል። ዋትስአፕ ግን ማረም የሚፈቅደው ከተላከ በኋላ ለ15 ደቂቃ ብቻ ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲያ አሮጌው ከፒን ይወርድና ሙሉው አዲስ መልእክት በቦታው ይሰካል። «ድንኳኑ ወደ 11 ሰዓት ተዛውሯል» ብሎ በወሬው መሐል መጻፍ አይበቃም፣ ፒኑን አርሞ ዝም ማለትም እንዲሁ፤ ቀድሞ ያነበበ ሰው ተመልሶ አያየውም። ፒኑ ይታረማል፣ ከዚያም የተለወጠው ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ለግሩፑ ይነገራል። «የታደሰው» የሚለው ሁለተኛ መስመር የሚያገለግለውም እዚህ ላይ ነው፤ መልእክቱ ወደ ሴቶቹ አፎቻና ወደ ዘመድ ግሩፕ ተላልፎ ሲሄድ የትኛው አሮጌ እንደሆነ በቀኑ ይለያል።

ዋትስአፕ ፒን ሲደረግ ለ24 ሰዓት፣ ለ7 ቀን ወይም ለ30 ቀን ብሎ ይጠይቃል። ሠርጉ ከሳምንት በላይ ከቀረው 30 ቀኑ ይመረጣል፤ አለዚያ መልእክቱ በድግሱ ዋዜማ ራሱ ይወርዳል። በድምፅ የተላከ ማስታወቂያ ወይም የጥሪ ካርድ ፎቶ በፒኑ ቦታ መግባት የለበትም፤ በጽሑፍ ፍለጋ አይገኝም፣ ስልክ ቁጥሩም ተነክቶ አይደወልም።

ከመሰካቱ በፊት መልእክቱን በዝግጅቱ ላልነበረ አንድ ሰው ማሳየት ይበቃል። መቼ፣ የት፣ ውሃ የማን ነው ተብሎ ሲጠየቅ ሳያመነታ ከመለሰ መልእክቱ ተስተካክሏል፤ «ውስጥ ነው ውጭ?» ብሎ ከጠየቀ የሚታረመው መስመር ያ ነው። ድግሱ አልቆ ወንበሩ ከተመለሰ በኋላም ፒኑ ይውረድ፤ ያለፈ ቀን ይዞ የቆየ ፒን የሚቀጥለው ሲሰካ እንዳይታይ ያደርጋልና።