«አንድ ወር» እና «ሠላሳ ቀን»

የቤት ኪራይ ወይም የሥራ ውል ስትፈርሙ «ውሉን ለማቋረጥ የሚፈልግ ወገን የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጣል» የሚል ቃል ሳያጋጥማችሁ አይቀርም። ብዙ ሰው ይህን ሲያነብ በልቡ «ሠላሳ ቀን» ብሎ ይተረጉመዋል። ሁለቱ ግን ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ሠላሳ ቀን አንድ፣ ሁለት እየተባለ ይቈጠራል፤ ወር ግን ከቀን መቁጠሪያው ላይ ይነበባል።

በእንግሊዝ አገር ሕግ የታወቀው ደንብ አጭር ነው። ማስጠንቀቂያው የተሰጠበት ቀን አይቈጠርም፤ የመጨረሻው ቀን በሚቀጥለው ወር ያንኑ ቁጥር የያዘው ቀን ነው። ስለዚህ ማርች 10 ቀን የተሰጠ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ አፕሪል 10 ቀን ያበቃል። ውሉ «ሠላሳ ቀን» የሚል ቢሆን ኖሮ ግን አፕሪል 9 ቀን ባበቃ ነበር፤ ማርች 31 ቀን አለውና። በሚቀጥለው ወር ተመሳሳይ ቁጥር ያለው ቀን ከሌለ፣ የዚያ ወር የመጨረሻ ቀን ይወሰዳል። ጃንዋሪ 31 ቀን የተሰጠ ማስጠንቀቂያ ፌብሩዋሪ 28 ቀን፣ ወሩ 29 ቀን ባለው ዓመት ደግሞ በ29ኛው ቀን ያልቃል።

የአንድ ቀን ልዩነት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከዚያው አገር የተገኘ አንድ ጉዳይ ያሳየናል። በ1978 እ.ኤ.አ. አንድ አከራይ ለንግድ ቤት ተከራዩ ሴፕቴምበር 30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጠው። በ1954ቱ ሕግ መሠረት ተከራዩ አዲስ የኪራይ ውል እንዲፈቀድለት ለፍርድ ቤት ማመልከት የሚችለው በአራት ወር ውስጥ ነበር። እርሱም «ማስጠንቀቂያው የተሰጠበት ቀን አይቈጠርም፤ እንግዲያስ አራቱ ወሮች ኦክቶበር አንድ ቀን ጀምረው ጃንዋሪ 31 ቀን ይፈጸማሉ» ብሎ ጃንዋሪ 31 ቀን 1979 አመለከተ። ክርክሩ እስከ ሎርዶች ምክር ቤት ደረሰ። በ1981 እነ ሎርድ ዲፕሎክ የሰጡት ፍርድ፣ ሴፕቴምበር 30 የተጀመረው ጊዜ ያበቃው ጃንዋሪ 30 ቀን ነው የሚል ሆነ። የወሮቹ ርዝመት መለያየት ቁጥሩን አይለውጠውም። ተከራዩም በአንድ ቀን መዘግየት መብቱን አጣ።

ወደ እኛ አቈጣጠር ስንመለስ ነገሩ ቀላል ይመስላል። ወሮቻችን ሠላሳ ሠላሳ ቀን ስለሆኑ፣ ጥቅምት 12 ቀን የተሰጠ ማስጠንቀቂያ በወርም ሆነ በሠላሳ ቀን ቢቈጠር ኅዳር 12 ላይ ይደርሳል። ሁለቱን አንድ አድርገን የማየት ልማዳችንም ከዚህ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። ችግሩ የሚነሣው በነሐሴ ነው።

ለምሳሌ ማስጠንቀቂያው ነሐሴ 20 ቀን ተሰጠ እንበል፤ ጳጉሜንም አምስት ቀን ናት። «ሠላሳ ቀን» ከተባለ ከነሐሴ አሥር፣ ከጳጉሜን አምስት፣ ከመስከረም አሥራ አምስት ተደምሮ መስከረም 15 ቀን ያልቃል። «አንድ ወር» ተብሎ ጳጉሜን ብትታለፍ ግን መጨረሻው መስከረም 20 ይሆንና 35 ቀን ይሞላል። ጳጉሜን እንደ ወር ትቈጠር የሚል ሰው ቢነሣ ደግሞ፣ በጳጉሜን ሃያኛ ቀን ስለሌለ ጊዜው በ15 ቀን ብቻ ጳጉሜን 5 ላይ ያልቃል ሊል ነው። የወር ደመወዝም የወር ኪራይም ለጳጉሜን ለብቻው የማይታሰብ ከሆነ፣ ተዋዋዮቹ ያሰቡት ሁለተኛውን ነው ማለት ይቀላል። ቢሆንም ለክርክር በር ከመክፈት በውሉ ላይ «ጳጉሜን ለብቻዋ እንደ ወር አትቈጠርም» ብሎ መጻፍ ይሻላል።

በግል ድርጅት የምትሠሩ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሁለቱንም ቃላት ይጠቀማል፤ ሥራውን በፈቃዱ የሚለቅ ሠራተኛ የሠላሳ ቀን፣ አሠሪው ደግሞ የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ አገልግሎቱ ከአንድ ዓመት ላልበለጠ ሠራተኛ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ያዛል። በአዋጁ የተወሰነው የማስጠንቀቂያ ጊዜ መቈጠር የሚጀምረውም ማስጠንቀቂያው ከተሰጠበት ቀን ቀጥሎ ካለው የሥራ ቀን ነው።

እንግዲህ ማስጠንቀቂያ ስትጽፉ «ከአንድ ወር በኋላ» ብላችሁ አትተዉት፤ የመጨረሻውን ቀን ራሱን ጻፉት፤ ተቀባዩም የተቀበለበትን ቀን ጽፎ ይፈርምበት። ቀኑ አጠራጣሪ ከሆነባችሁ፣ ጊዜው ሳያልፍ ማመልከት ያለባችሁ እናንተ ስትሆኑ ቀደም ያለውን ቀን ያዙ። ሳይደርስ እንዳትወጡ የምትሰጉ ከሆነ ግን ዘግየት ያለውን ያዙ።