ቡናማው ሁሉ አንድ አይደለም

የመስቀል በዓል ሲደርስ ተማሪው ከያለበት ወደ ጉራጌ አገር ይወርዳል። በዚያ ሰሞን በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ በሬ የማይጣልበት ሰፈር የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በሬ በተጣለበት ሁሉ ደግሞ ጥንብ አንሳ ይሰበሰባል፤ ከቄራው አጥር፣ ከባሕር ዛፉ ጫፍ፣ ከሥጋ ቤቱ ጓሮ አይጠፋም። ከተማሪው መካከል ደብተር ይዘው እነዚህን ወፎች የሚቆጥሩ ጓደኞች አሉ። ሥራቸው የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ ስለ አቆጣጠሩ አንድ የምንለው ነገር አለን፤ ይኸውም ወፍን በቀለሙ ብቻ የሚለይ ቆጣሪ ወጣቶቹን ወፎች ለሌላ ወገን ይሰጣቸዋል፤ ይህም ስሕተት አንድ ጊዜ ወደ ላይ፣ አንድ ጊዜ ወደ ታች እያለ የሚቻቻል ሳይሆን ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን የሚያጋድል ነው የሚል ነው።

ነገሩን ለማስረዳት ሁለት ወፎችን ብቻ እንውሰድ። በከተማ ከሚታዩት ጥንብ አንሳዎች መካከል ትናንሾቹና መንቁረ ቀጫጮቹ እነዚህ ናቸው። የመጀመሪያው መላ አካሉ ጥቁር ቡናማ፣ ፊቱ ራቁቱን የሆነ፣ ከራሱ ጀርባ እስከ ማጅራቱ ነጣ ያለ ለስላሳ ጠጉር የመሰለ ላባ የለበሰ ነው። ሊቃውንት ኔክሮሲርቴስ ሞናኩስ ይሉታል፤ ሞናኩስ ማለት መነኩሴ ነው፤ ስሙም ያን ቆብ የመሰለ ልብሱን አይቶ የተሰጠው ነው። እኛም ከዚህ በታች ባለ ቆቡ እያልን እንጠራዋለን። ሁለተኛው የግብፅ ጥንብ አንሳ የሚባለው ነው። የአካለ መጠኑን ደረጃ ከያዘ በኋላ ማንም አይስተውም፤ ሰውነቱ ነጭ፣ የክንፉ ዳር ጥቁር፣ ፊቱ ቢጫ ነው። ይህ ቢጫነት እንኳ የሚገኘው ከእበት መሆኑ ተደርሶበታል። ወፉ የከብት እበት ይበላል፤ በእበቱ ውስጥ ያለው ቢጫ ቀለምም ወደ ፊቱ ቆዳ ይወጣል።

ችግሩ የሚመጣው የግብፁ ጥንብ አንሳ ነጭ ሆኖ የማይወለድ በመሆኑ ነው። ወጣት ስንል ጎጆ ውስጥ የተቀመጠውን ጫጩት ማለታችን አይደለም። ከጎጆው ወጥቶ የሚበር፣ በመጠኑ ከእናትና ከአባቱ የማያንስ፣ ራሱን ችሎ ምግቡን የሚፈልግ ወፍ ማለታችን ነው። ይህ ወጣት በመጀመሪያው ዓመት ጥቁር ቡናማ ነው፤ ፊቱም ቢጫ ሳይሆን ግራጫ ነው። ከዚያ በኋላ ላባውን ጥቂት በጥቂት እየቀየረ ይሄዳል። ላባው በአንድ ቀን ስለማይለወጥ በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ቡናማና ነጣ ያለ ዝንጉርጉር ሆኖ ይታያል። ሙሉ ነጭ ልብሱን የሚለብሰው በአምስተኛው ዓመት ገደማ ነው። እንግዲህ በሕይወቱ የመጀመሪያ ዓመታት ይህ ወፍ በቀለሙ ከአባቱ ይልቅ ለባለ ቆቡ ይቀርባል። በመጠንም ቢሆን ልዩነት የለም ማለት ይቻላል፤ የሁለቱም ክንፍ ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1 ሜትር ከ60 ገደማ ነው። ስለዚህ «ትንሽና ቡናማ ነው፤ ባለ ቆቡ ነው» የሚለው ፍርድ ምንም ያህል የተለመደ ቢሆን መሠረት የለውም።

ታዲያ በምን ይለያል? ከዕድሜ ጋር በማይለወጠው ነገር ይለያል። ቀለም ከዕድሜ ጋር ይሄዳል፤ ቅርጽ ግን ይኖራል። ወፉ በሚበርበት ጊዜ ጅራቱን ማየት ነው። የግብፁ ጥንብ አንሳ ጅራት፣ ወጣትም ሆነ ሽማግሌ፣ ወደ መካከሉ እየረዘመ እንደ ሽብልቅ የሾለ ነው። የባለ ቆቡ ጅራት አጭር ሆኖ ጫፉ በመጠኑ ክብ ነው፤ ክንፉም ሰፋ ያለ ነው። ይህን ለማየት መነጽር የግድ አያስፈልግም፤ ከቡታጅራ ገበያ በላይ ዝቅ ብሎ የሚዞረውን ወፍ በባዶ ዓይን ማየት ይበቃል። ጥንቃቄ የሚያሻው በሁለት ነገር ነው። ጅራቱ በታጠፈ ጊዜ ሁሉም የሾለ ይመስላል፤ ስለዚህ ወፉ ለመዞር ጅራቱን እስኪዘረጋ መጠበቅ ይገባል። ደግሞም አጥንት ከገደል ላይ ጥሎ የሚሰብረው ትልቁ ጥንብ አንሳ እንዲሁ ሽብልቅ ጅራት አለው፤ ወጣቱም ጥቁር ነው። እርሱ ግን ክንፉ ከ2 ሜትር በእጅጉ የሚያልፍ፣ ጅራቱም ረጅም ስለ ሆነ አጠገቡ ሌላ ወፍ ካለ መጠኑ ራሱ ይናገራል።

ወፉ መሬት ላይ ከተቀመጠ ማጅራቱን መመልከት ነው። የግብፁ ጥንብ አንሳ ራቁቱን የሆነው ፊቱ ነው፤ ማጅራቱና አንገቱ በረዣዥምና ጫፋቸው በሾለ ላባዎች የተሸፈነ ስለ ሆነ ጎፈሬው የተንጨባረረ ሰው ይመስላል። ወጣቱም ይኸው ጎፈሬ አለው፤ ልዩነቱ ጥቁር መሆኑ ነው። የባለ ቆቡ ማጅራት ግን የተከረከመ ሱፍ የመሰለ አጭር ልብስ ነው። እዚህ ላይ ደግሞ የባለ ቆቡ ወጣት ሌላ ወጥመድ ይዞ ይመጣል። የእርሱ ቆብ እንደ ትልልቆቹ የነጣ ሳይሆን ጠቆር ያለ ቡናማ ነው፤ ስለዚህ ቆቡን ያጣ ቆጣሪ «ይህስ ሌላ ወፍ ነው» ሊል ይችላል። ዕድሜውን ከፊቱ ቀለም መገመትም አያዋጣም። የትልቁ ባለ ቆብ ፊት ሲረጋጋ የገረጣ ሆኖ ሲቆጣና ሥጋ ሲሻማ ቀይ ይሆናል። ፊቱ የሚነግረን ስለ ስሜቱ ነው፤ ስለ ዕድሜው የሚመሰክረው የቆቡ ቀለም ነው።

አሁን ስሕተቱ ምን እንደሚያደርስ በምሳሌ እንየው። በአንድ ቀን በአንድ ቄራ 20 ትናንሽ ጥንብ አንሳዎች ተገኙ እንበል። 3ቱ ነጭ፣ 17ቱ ቡናማ ናቸው። በቀለም የሚቆጥረው ጓደኛ 17 ባለ ቆብ፣ 3 የግብፅ ብሎ ይጽፋል። እውነቱ ግን ከ17ቱ 2ቱ ጅራታቸው ሽብልቅ የሆነ ወጣት የግብፅ ጥንብ አንሳዎች ነበሩ እንበል። ትክክለኛው ቁጥር 15 እና 5 ነው። ልዩነቱ የ2 ወፍ ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን ከመዝገቡ የሚወጣውን ታሪክ እንመርምር። የመጀመሪያው መዝገብ የግብፁ ጥንብ አንሳ 3 ትልልቆች ብቻ ያሉት፣ አንድም ወጣት የሌለው፣ የሚተካው ትውልድ ያጣ ወገን ነው ይላል። ሁለተኛው መዝገብ ከ5ቱ 2ቱ፣ ማለት ከመቶ 40ው፣ ወጣቶች ናቸው ይላል። አንዱ የመጥፋት፣ ሌላው የመተካት ታሪክ ነው። ከዚህም በላይ ባለ ቆቡ ያልወለዳቸው 2 ልጆች ተጨምረውለት ከሆነው በላይ በርክቶ ይታያል። ሌላ መቶ ቆጣሪ በዚሁ መንገድ ቢቆጥር ስሕተቱ ይደመራል እንጂ አይጣፋም፤ ሁሉም በአንድ ወገን ይስታሉና።

ይህ ከንቱ ክርክር አይደለም። የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የግብፁን ጥንብ አንሳ እ.ኤ.አ. በ2007 የመጥፋት አደጋ ከተደቀነባቸው ወፎች መዝገብ አስገብቶታል። ከተማው ሁሉ የሚያውቀውን ባለ ቆቡን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 እጅግ ከፍተኛ አደጋ ላይ ካሉት ጋር መድቦታል። መርዝ በልቶ የሞተ ሬሳ፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶና ሽቦ ብዙዎቹን ይገድላሉ። ባለ ቆቡ በአንድ ወቅት የሚጥለው አንድ እንቁላል ብቻ ስለ ሆነ የሞተውን ቶሎ ሊተካ አይችልም። እንዲህ ባለው ወፍ ዘንድ ትልልቆቹ ለብዙ ዓመት ስለሚኖሩ፣ መውለድ ቢያቆም እንኳ ቁጥሩ ለጊዜው ደኅና መስሎ ይቆያል። ችግሩን አስቀድሞ የሚነግረን የወጣቶቹ መጥፋት ነው። ወጣቱን የማይለይ ቆጠራ ግን ይህን ሊነግረን አይችልም።

የመስቀልን ሰሞን ያነሣነውም ያለ ምክንያት አይደለም። የግብፁ ጥንብ አንሳ በአገራችን የሚራባ ቢሆንም ከባልካንና ከቱርክ አገርም ክረምታቸውን ለማሳለፍ ወደ ኢትዮጵያ የሚመጡ አሉ፤ በአፋር በረሃ በብዛት ይታያሉ። በዚያው ዓመት የተፈለፈሉት ወጣቶች በመስከረምና በጥቅምት መንገድ ላይ ናቸው። ከባልካን ከሚነሡት መካከል ትልልቅ ወፎችን ሳይከተሉ በቀጥታ የሜዲትራንያንን ባሕር ለመሻገር ሞክረው የሚሰምጡ ብዙ እንደ ሆኑ በጀርባቸው ላይ በታሰረ የሳተላይት መሣሪያ ተረጋግጧል። ከዚህ የተረፈው ወጣት አፍሪቃ ከደረሰ በኋላም ትልልቆቹ በጸደይ ወደ አውሮፓ ሲመለሱ እርሱ የመጀመሪያ ዕድሜውን እዚሁ ይጨርሳል። ባሕርና በረሃ አቋርጦ የመጣን እንግዳ በቡናማ ልብሱ ምክንያት የሰፈሩ ነዋሪ ነው ብሎ መመዝገብ፣ ሊታወቅ ከሚገባው ሁሉ የሚበልጠውን መሰረዝ ነው።

ስለዚህ ሐሳባችን ቀላል ነው። የቆጣሪው ደብተር የሚጀምረው «ስም» ከሚለው ዓምድ መሆኑ ይቅር። መጀመሪያ የጅራት ቅርጽ ይጻፍ፤ ሽብልቅ ወይስ ክብ። ቀጥሎ ማጅራት ይጻፍ፤ ጎፈሬ ወይስ ሱፍ። ሦስተኛ ዕድሜ፤ ወጣት፣ ዝንጉርጉር ወይስ ሙሉ። ስሙ ከነዚህ በኋላ ይምጣ። የሚበረውን ወፍ በስልክ ፎቶግራፍ ማንሣት የሚችል ያንሣው፤ የደበዘዘ ሥዕል እንኳ የጅራትን ቅርጽ ያሳያል። በመጨረሻም «ያልተለየ» የሚል ዓምድ ይኑር። ጅራቱ ሳይታይ፣ ማጅራቱ ሳይመረመር የሄደ ቡናማ ወፍ ቦታው እዚያ ነው። አንዳንድ ጓደኞች ይህን ዓምድ የሰነፍ መሸሸጊያ ይሉት ይሆናል። እኛ ግን 12 ባለ ቆብ፣ 4 የግብፅ፣ 4 ያልተለየ የሚል መዝገብ፣ ሁሉንም ስም ሰጥቶ 17 እና 3 ከሚለው ይልቅ የሚታመን ነው እንላለን። የመጀመሪያውን መዝገብ የሚቀጥለው ቆጣሪ ሊያርመው ይችላል፤ የሁለተኛው ስሕተት ግን ከእውነቱ ጋር ተቀላቅሎ ስለ ተቀመጠ የሚያገኘው የለም።